ነፍሰ ጡር ሴት ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት፦ ሰዓቱንና ምግቡን ለይቶ መወሰን

በቅበላ ሳምንት ለእርግዝና ክትትል ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ ከሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ ክብደት ከተመዘኑና ግፊት ከተለኩ በኋላ፣ ለመውጣት ሲነሡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጹም ወይስ ይቅርብኝ?» ብለው ይጠይቁኛል። ጤና ጣቢያችን በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱንና ኮዬ ፈጬን በሚያገናኘው አካባቢ ይገኛል፤ አብዛኞቹ ነዋሪዎች በየኮንዶሚኒየሙ የሚኖሩ፣ ሌሊት ተነሥተው ወደ መሀል ከተማ ወይም ወደ ቃሊቲ ፋብሪካዎች የሚሄዱ ናቸው። ጥያቄው «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ የሚመለስ ስለሚመስል፣ አንዷ ሁሉንም ትጾምና ትጎዳለች፤ ሌላዋ ሁሉንም ትተውና እስከ ፋሲካ ስትጸጸት ትሰነብታለች። እኔ በአዋላጅነት ሥራዬ የተረዳሁት ግን ጥያቄው ሁለት እንደ ሆነና ለየብቻው መመዘን እንዳለበት ነው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲሆን በውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ሥጋን፣ ወተትን፣ ቅቤንና እንቁላልን መተው ነው፤ ሁለተኛው እስከተወሰነ ሰዓት ድረስ እህልም ውሃም ሳይቀምሱ መቆየት ነው። በነፍሰ ጡር ሰውነት ላይ የሚያደርሱት ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚታይ፣ በጥሩ የጾም ምግብና በክኒን በብዛት ሊካካስ የሚችል ነው። ሁለተኛው በዚያው ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም በዚያው ሰዓት የሚታይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የጻፍኩት ቅደም ተከተል ሰዓቱን አስቀድሞ፣ ምግቡን አስከትሎ ይሄዳል።

አንደኛ፦ ከቅበላ በፊት ልኬትዎን ይወቁ

ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብለው ወደሚከታተሉበት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የእርግዝና ክትትል በነጻ የሚሰጥ ስለሆነ ወጪው አያሳስብዎት። ክብደትዎን፣ የደም ግፊትዎን፣ የላይኛው ክንድዎን ዙሪያ፣ የሽንት ምርመራ ውጤትዎንና የሄሞግሎቢን መጠንዎን ጠይቀው በክትትል ካርድዎ ላይ ወይም በደብተር ያስጽፉ። ቁጥሮቹን በቃል ሰምተው አይመለሱ፤ ከአራት ሳምንት በኋላ የሚያነጻጽሩት ነገር ያስፈልግዎታል።

ከእነዚህ ልኬቶች ሁለቱ ለጾም ውሳኔ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማሉ። የክንድ ዙሪያ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሰውነትዎ አስቀድሞ ስንቁ ያለቀ ስለሆነ፣ የሚያስፈልግዎት መቀነስ ሳይሆን መጨመር ነው። ሄሞግሎቢን በተመለከተ በእርግዝና ጊዜ ከ11 ግራም በታች ሲወርድ የደም ማነስ ይባላል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በዚህ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን በቆላ ከሚኖረው ይልቅ በአንድ ግራም ገደማ ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ላቦራቶሪው 11.4 ብሎ ሲጽፍ «ደህና ነኝ» ብለው ከመደሰትዎ በፊት ባለሙያው ከፍታውን አስቦ እንዲነግርዎ ይጠይቁ፤ ቁጥሩ ደህና መስሎ ደሙ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፦ የሰዓቱን ጾም ለብቻው ይመዝኑ

ማታ 2 ሰዓት ላይ እራት የበላች ሴት እስከ ማግሥቱ 9 ሰዓት ብትቆይ 19 ሰዓት ባዶ ሆዷን ትውላለች። እርጉዝ ያልሆነች ጤነኛ ሴት ይህን ብትችለውም፣ ፅንሱ ቀንም ሌሊትም ከእናቱ ደም ስኳር ስለሚወስድ፣ የነፍሰ ጡሯ የደም ስኳር ቶሎ ይወርዳል፤ ሰውነቷም ከሌላው ሰው ቀድሞ ስብን ወደ ማቃጠል ይገባል። ይህ በተለይ ከሰባተኛው ወር ጀምሮ፣ ፅንሱ በፍጥነት በሚያድግበት ጊዜ ይበረታል። ምልክቱ ጠዋት 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ የሚመጣ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ራስ ምታት፣ ዓይን መጨለምና ማቅለሽለሽ ነው።

ውሃው ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ዐቢይ ጾም በአብዛኛው የሚውለው በየካቲትና በመጋቢት፣ ፀሐይ በሚበረታበትና በእኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ በተራ በሚመጣበት ወቅት ነው። ጀሪካን ይዛ የተሰለፈች፣ ከዚያ ቁልቁለትና ዳገት የምትወጣ ነፍሰ ጡር ያለ ውሃ ስትውል ሽንቷ ይጠቁራል፣ ይቀንሳል፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይቀርባታል፤ ማሕፀኗም ያለ ጊዜው ሊኮማተር ይችላል። ሽንትዎ እንደ ገለባ ፈዛዛ ከሆነ ውሃው በቅቶዎታል፤ እንደ ጥቁር ሻይ ከሆነ ሰውነትዎ ደርቋል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ነፍሰ ጡር ሴት በየትኛውም ወር ከ12 ሰዓት በላይ ባዶ ሆዷን እንድትቆይ አልመክርም፤ ይህም ማታ 2 ሰዓት የበላች ጠዋት 2 ሰዓት ትመገብ ማለት ነው። የሚከተሉት ካሉብዎት ደግሞ የሰዓት ጾም ለውይይትም መቅረብ የለበትም፦ የስኳር በሽታ፣ የማያቆም ማስመለስ፣ የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የክንድ ዙሪያ ከ23 በታች መሆን፣ መንታ እርግዝና፣ ቀደም ሲል ያለ ጊዜው ወይም በጣም አነስተኛ ሆኖ የተወለደ ልጅ፣ እንዲሁም ከምግብ ጋር በሰዓቱ መወሰድ ያለበት መድኃኒት።

በሰሙነ ሕማማት የሚደረገው አክፍሎት፣ ማለትም እስከ ትንሣኤ ሌሊት ሳይቀምሱ መቆየት፣ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሆንም። በዚያው ሳምንት የሚበዛውንም ስግደት በተመለከተ ወገብን አጥፎ ግንባርን መሬት ከማስነካት ይልቅ ራስን ዝቅ አድርጎ መስገድ እንደሚቻል አባቶች ይነግሩዎታል። ቅዳሴ ላይም ለረጅም ጊዜ ሲቆሙ ደም ወደ እግር ስለሚወርድ ራስዎን ሊያዞርዎ ይችላል፤ ከግድግዳ አጠገብ ይሁኑና ሳያፍሩ ይቀመጡ።

ለሥጋ ወደሙ የሚቀርቡ እናቶች የሚጠበቀውን የ18 ሰዓት ጾም ያነሣሉ። በጾሙ የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ሙሉ ቀኑን ያለ ውሃ መዋል ይመጣል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ቅዳሴው ጠዋት ስለሚፈጸም ከጊዜው አብዛኛው በሌሊት ያልፋል። ከንስሐ አባትዎ ጋር ከተስማሙና ከላይ ከዘረዘርኳቸው ችግሮች አንዱም ከሌለብዎ፣ አንድ እሑድ መርጠው፣ ከመቁረብዎ በፊት ባለው ቀን በደንብ በልተውና ጠጥተው መቅረብ ይሻላል። ይህ ካልኩት የ12 ሰዓት ገደብ የሚወጣ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው፤ በየቀኑ ከሚደረገው የሰዓት ጾም ጋር አይቀላቀል።

ሦስተኛ፦ የምግቡን ጾም ይመዝኑ

ሥጋና ወተት የተወችን ሴት በመጀመሪያ የሚያሳስባት ጉልበት ቢሆንም፣ በእውነቱ የሚጎድላት ሦስት ነገር ነው፤ ብረት፣ ፕሮቲንና በእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12።

ፕሮቲኑ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላና ሽምብራ ከእንጀራ ጋር ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ችግር የሚመጣው ወጡ ሲቀጥንና እንጀራው ሲበዛ ነው፤ ብዙ ቤት ነፍሰ ጡሯ በመጨረሻ ትበላና ከድስቱ ስር የቀረ መረቅ ይደርሳታል። ሽሮው ወፈር ይበል፣ ቢያንስ ሁለት ጭልፋ ይድረስዎ። ለውዝ፣ ሰሊጥና ሱፍ ደግሞ በትንሽ መጠን ብዙ ጉልበት ስለሚሰጡ ለነፍሰ ጡር ይስማማሉ። ከእርግዝና በፊት ከሚበሉት ላይ በቀን አንድ ተጨማሪ ማዕድ ያስፈልግዎታል፤ ይህ በጾም ጊዜም አይቀነስም። «ልጁ ገዝፎ ያስቸግርሻል» የሚሉ ካሉ፣ በጾም ጊዜ የሚያሰጋኝ የልጁ መግዘፍ ሳይሆን ማነሱ መሆኑን ይንገሯቸው።

ብረቱ ግን ትኩረት ይፈልጋል። በእህልና በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን ከሥጋው ይልቅ በጥቂቱ ነው የሚወስደው፤ ከምሳ በኋላ ወዲያው የሚጠጣ ቡና ወይም ሻይ ደግሞ ያንኑ ጥቂት ይቀንሰዋል። ቡናውን ይተዉ አልልም፤ ከምግቡ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይፈላ፣ በቀንም ከሁለት ሲኒ አይለፍ። በአንጻሩ ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ቲማቲምና ቃሪያ አብሮ መብላት ወይም ብርቱካን ማስከተል ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል።

ምግቡ ብቻውን ስለማይበቃ ጤና ጣቢያው የሚሰጥዎትን የብረትና ፎሊክ አሲድ ክኒን በየቀኑ ይውሰዱ። በጾም ጊዜ ክኒኑ የሚቋረጥበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ እናቲቱ ጠዋት በባዶ ሆድ ስትውጠው ያቅለሸልሻታል፣ ከዚያ ትተወዋለች። ማታ ከእራት በኋላ፣ ሊተኙ ሲሉ በውሃ ቢወስዱት አብዛኛው ማቅለሽለሽ ይቀራል። ሰገራ መጥቆሩ ከክኒኑ የሚመጣ እንጂ በሽታ አይደለም፤ ድርቀቱም ውሃ፣ ጎመንና ፓፓያ ሲጨመር ይቀላል።

ቢ12 ሰውነት ለረጅም ጊዜ ማከማቸት ስለሚችል፣ በፍስክ ቀናት እንቁላልና ወተት የምታገኝ ሴት በ55 ቀን ውስጥ አይጎድልባትም። በፍስኩም ቀን እነዚህን እምብዛም የማትቀምስ እናት ግን ዓመቱን በሙሉ ጾመኛ እንደ ማለት ናት። ይህ ኑሮ የፈጠረው እንጂ ሃይማኖቱ የጠየቃት አይደለምና፣ በክትትልዋ ጊዜ ሳትሸሽግ ትናገር፤ የቢ12 እንክብል ወይም መርፌ ሊታዘዝላት ይችላል።

ስለ አብሽም አንድ ነገር ልጨምር። በበርበሬ ውስጥ ያለው ጥቂት አብሽ ችግር የለውም፤ ነገር ግን በጾም ጠዋት ለሆድ ይለሰልሳል ተብሎ በብርጭቆ ተበጥብጦ የሚጠጣው መጠን ማሕፀንን ሊያነሣሣ ስለሚችል፣ እስኪወልዱ ድረስ ይተዉት።

አራተኛ፦ ካርድዎን ይዘው ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ

ብዙ እናቶች ለካህኑ «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ምን ላድርግ?» ብቻ ብለው ይጠይቃሉ፤ ካህኑም ያለ ዝርዝር መልስ ለመስጠት ይቸገራሉ። «ስድስተኛ ወሬ ነው፣ ደሜ አንሷል፣ ባለሙያዋ ጠዋት እንድበላ ነግራኛለች፣ ሥጋና ወተቱን ግን መጾም ትችያለሽ ብላኛለች፤ አባቴ ምን ይሉኛል?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ ለእርስዎ የተሰጠ ይሆናል። ብዙ የንስሐ አባቶች ነፍሰ ጡርን ከሰዓቱ ጾም ነጻ ያደርጓታል፤ እንደ ሁኔታዋም ወተትና እንቁላል የሚፈቅዱ አሉ። አስቀድመው አንድ ተጨማሪ ጥያቄም ይጠይቁ፦ «ጾሙ መካከል ላይ ቢያመኝ ወዲያውኑ ልብላ ወይስ እስክጠይቅዎ ልቆይ?» ይህ ፈቃድ በቅበላ ከተገኘ በመጋቢት ሌሊት ማንም አይጨነቅም።

በተለይ ከአማት ጋር ለሚኖሩ ሴቶች፣ ባል ወይም አማት አብረው ቢሄዱ መልካም ነው። የካህኑን ቃል በጆሮዋ የሰማች አማት ጠዋት ቁርስ የሚያቀርብ እጅ ትሆናለች።

እስላም እናቶችም በረመዳን ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። በእነርሱ ዘንድ ምግቡ ሳይሆን ሰዓቱና ውሃው ነው የሚመዘነው፤ ለራሷ ወይም ለፅንሱ የምትሰጋ ነፍሰ ጡር አፍጥራ በሌላ ጊዜ ጾማ እንድታካክስ ስለተፈቀደላት፣ ልኬቷን ይዛ ሃይማኖቱን የሚያውቅ ሰው ታማክር።

አምስተኛ፦ ዕለቱን በሰዓት ይደልድሉ፣ በመካከሉም ይለኩ

አንዲት የማውቃት እናት እንዴት እንዳደረገች ላሳይ። ጾሙ ሲገባ 24ኛ ሳምንቷ ነበር፤ ሁለተኛ ልጇ ነው፣ በቃሊቲ በኩል ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት ትወጣለች። የክንድ ዙሪያዋ 23.5 ሴንቲ ሜትር፣ ሄሞግሎቢኗ 10.6 ነበር። ከፍታው ሲታሰብ ደሟ ከዚያም ያነሰ ስለነበር፣ የሰዓት ጾሙን ትተን፣ የምግቡን ጾም ለመቀጠል ተስማማን፤ ሐኪሙ ክኒኗን በእጥፍ አደረገላት፤ የንስሐ አባቷም ሁለቱንም ተቀበሉ፣ ካስፈለገም ወተትና እንቁላል ፈቀዱ።

ንጋት ላይ ከመውጣቷ በፊት በሶ በጥብጣ ከሙዝ ጋር ትወስዳለች። 4 ሰዓት ላይ የሽምብራና የገብስ ቆሎ፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት የያዘችውን ምስር ወጥ በእንጀራ፣ ሎሚ ጨምቃበት ትበላለች። ቡናውን ከሥራ ስትመለስ ታደርገዋለች። 11 ሰዓት ላይ የተቀቀለ ድንች፣ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሽሮና ጎመን ሆኖ፣ ክኒኑ 3 ሰዓት ላይ ነው። የምትጠጣውን ውሃ በአንድ ሊትር ጠርሙስ ይዛ፣ ቀን አንዱን፣ ከሥራ ከተመለሰች በኋላ ሁለተኛውን ትጨርሳለች።

በደብረ ዘይት እሑድ ሰሞን፣ በ28ኛው ሳምንቷ፣ ተመልሳ መጣች። ሄሞግሎቢኗ 11.4 ደርሷል፤ ክኒኑ ሠርቷል ማለት ነው። የማሕፀኗ ከፍታም 27 ሴንቲ ሜትር ስለነበር ከሳምንቱ ጋር ይሄዳል። ክብደቷ ግን በአራት ሳምንት 700 ግራም ብቻ ጨምሯል፤ በዚያ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ተኩል ያላነሰ እጠብቅ ነበር። ዕለቱን አንድ በአንድ ስትነግረኝ ምክንያቱ ተገለጠ፦ የ4 ሰዓቱን ቆሎ ለጓደኞቿ ስታካፍል የሚደርሳት አንድ እፍኝ ብቻ ነበር፤ የ11 ሰዓቱም ትራንስፖርት ስለሚያዘገያት በአብዛኛው ይቀር ነበር። ወተት እንድትጀምር አነሣሁላት፤ እርሷ ግን ሁለት ሳምንት ይሰጠኝ አለች። እኔም ተስማማሁ፤ ቁጥሩ አስደንጋጭ አልነበረምና። ከዚያ በኋላ በዳቦ የተቀባ ለውዝ በቦርሳዋ ይዛ ታክሲ ሰልፍ ላይ መብላት፣ ሽሮዋ ላይም አንድ ማንኪያ ዘይት መጨመር ጀመረች። በ30ኛው ሳምንት 900 ግራም ጨምራ መጣች፤ ወተቱም ሳያስፈልጋት እስከ ፋሲካ ዘለቀች። 900 ግራሙ ባይመጣ ኖሮ፣ ፈቃዱ አስቀድሞ በእጇ ስለነበር፣ በዚያው ዕለት ማታ እንቁላል ትበላ ነበር።

እርስዎም እንዲህ በጾሙ መካከል ቢያንስ አንድ ጊዜ ይለኩ። ክብደቱ ከቆመ ወይም ከወረደ፣ ሄሞግሎቢኑ ካልጨመረ፣ በዚያው ዕለት ውሳኔውን ይለውጡ።

ስድስተኛ፦ ጾሙን የሚያቋርጥና ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬድ ምልክት

ራስዎን ካዞረዎ፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ፣ ወዲያውኑ ተቀምጠው ውሃና ጣፋጭ ነገር ይቅመሱ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለዎት ይሂዱ። ከሚከተሉት አንዱ ቢታይ ግን ምግብም ሆነ ዕረፍት ሳይጠብቁ መሄድ አለብዎት፦ ደም መፍሰስ፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ጽኑ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ትኩሳት፣ የሚመላለስ ምጥ መሰል ቁርጠት፣ የጠጡት ውሃ እንኳ ሆድ ውስጥ አለመቆየት፣ እንዲሁም ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የልጁ እንቅስቃሴ ከለመዱት መቀነሱ። «ጾም ስለሆነ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ብዙ ጊዜ ራስ ምታቱ ነው፤ ከግፊት ይሁን ከረሃብ በቤት ውስጥ መለየት ስለማይቻል ያስለኩት።

በእኛ ዳርቻ ሰፈር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ታክሲ ስለማይገኝ፣ ጾሙ ሲገባ ሌሊት የሚመጣ የባጃጅ ወይም የመኪና ባለቤት አነጋግረው ስልኩን ለባልዎና ለጎረቤትዎ ይስጡ።

ሰባተኛ፦ የፋሲካ ማግሥት

ለ55 ቀን ቅባት ያልለመደ ሆድ በትንሣኤ ሌሊት ዶሮና ቅቤ በአንዴ ሲገባበት ቃርና ተቅማጥ ያመጣል፤ በጥቂቱ ይጀምሩ። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ፅንሱን የሚጎዳ ጥገኛ ተሕዋስ ሊይዝ ስለሚችል በዓሉ ቢሆንም ይቅርብዎ፤ ወተቱም ይፍላ። ክኒኑን ፋሲካ ደረሰ ብለው አያቋርጡ። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ ያ ጊዜ ለጎደለው መሙያ ነው። ያቺ የስፌት ሠራተኛ በፋሲካ 32ኛ ሳምንቷ ስለነበር፣ ሃምሳው ቀን ሲፈጸም 39ኛ ሳምንቷን ትይዛለች፤ እኔም የቀጠሮ ካርዷ ላይ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ እንድትለካ ጽፌላታለሁ።